ሜሽ ወይስ ኤክስቴንደር? ወፍራም ሶሌታ ላለው ቤት

ጥያቄ፦ «ቤታችን ጂ ፕላስ ዋን ነው። ግድግዳውም ሶሌታውም ወፍራም ኮንክሪት። ራውተሩ ታች ሳሎን ስለሆነ ላይ መኝታ ቤት ዋይፋይ የለም ማለት ይቻላል። ሜሽ ልግዛ ወይስ ኤክስቴንደር ይበቃኛል?»

ወንድሜ፣ እኔ ሁለቱንም ገዝቼ አይቻቸዋለሁ። የእኛም ቤት እንደዚያው ነው። የምንከፍለው ለ50 ሜጋቢት ነው። ራውተሩ አጠገብ ስለካው 48 ያሳየኛል፤ ላይ መኝታ ቤት ግን 3ም በግድ ነው።

መጀመሪያ በርካሹ ልሞክር ብዬ የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፈውን ኤክስቴንደር ገዛሁና መኝታ ቤት ሰካሁት። ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ጢም ብሎ ሞላ። ቪዲዮ ስከፍት ግን ያው መንቀርፈፍ ነው። ለካ ስልኩ የሚያሳየው ከኤክስቴንደሩ የሚያገኘውን ምልክት ብቻ ነው። ለኤክስቴንደሩ ራሱ ከታች የሚደርሰው ግን ሶሌታው ያደከመው ነው። ያላገኘውን ከየት አምጥቶ ይስጠኝ?

አውርጄ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አደረግሁት። እዚያ ሶሌታው ክፍት ስለሆነ ሞገዱ ኮንክሪት ሳይነካው ይወጣል። መኝታ ቤት 17 ገባ። ከዚያ በላይ ግን አልሄደም። የእኔው ዓይነት ርካሽ ኤክስቴንደር ከራውተሩ የሚቀበለውም ለስልክ የሚሰጠውም በአንዱ ሞገድ በየተራ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ቀጥሎ ፍሬዎቹ ተገናኝተው እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩትን ባለ ሁለት ፍሬ ሜሽ ገዛሁ። አንዱን ከራውተሩ ጋር፣ ሌላውን መኝታ ቤት አስቀመጥኩ። 9! በጣም ነው የተናደድኩት። ሜሽም ቢሆን በአየር የሚገናኝ ከሆነ ኮንክሪቱ ያው ኮንክሪት ነው። በተለይ ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ወፍራም ግድግዳ ሲያገኝ ቶሎ ይደክማል። 2.4 ይሻላል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ሁለተኛውን ፍሬ ወደ ደረጃው ፊት ለፊት ኮሪደር ሳወጣው 28 ሆነ። ስልክ ይዤ ስወጣና ስወርድም መስመሩ አይቆረጥም፤ ኤክስቴንደሩ ላይ ይህ ራስ ምታት ነበር።

ነገሩን የጨረሰው ኬብል ነው። የዲሽ ገመድ በሚያልፍበት ቀዳዳ 15 ሜትር ካት 6 አስገብቼ ሁለቱን ፍሬዎች አገናኘሁ። 47። ውጭ ፀሐይ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ለውጭ የተሠራውን ኬብል ግዛ፤ ተራው ልባሱ ይሰነጣጠቃል።

ስለዚህ ኬብል ማሳለፍ ከቻልክ ውድ ሜሽም አያስፈልግህም። «Access Point» የሚል ምርጫ ያለው ተራ ራውተር ፎቅ ላይ ከኬብሉ ጋር ብታገናኝ፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከታችኛው ጋር ብታመሳስል ይበቃል። ኬብል ካልሆነልህና ላይ ብዙ ክፍል ካለ ሜሽ ውሰድ። አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ግን 2.4ም 5 ጊጋኸርዝም ያለው ኤክስቴንደር ደረጃው ላይ ያኖርሃል።

ከመግዛትህ በፊት ግን ዕቃውን ልታስቀምጥ ባሰብክበት ቦታ ስልክህን ይዘህ ቁምና ፍጥነቱን ለካ። እዚያ 5 ካገኘህ፣ ያለ ኬብል የምትሰካው ዕቃም ተአምር አይሠራም። ፈቀቅ እያልክ እስከ ደረጃው ድረስ ሞክር።