እግር ስለተመታ ብቻ አይወጣም፦ ስለ ክሪኬቱ ኤል ቢ ደብሊው ጥያቄና መልስ

«ዱባይ ከፓኪስታኖች ጋር ነው የምሠራው፤ በዕረፍት ቀን ያጫውቱኛል። ኳሷ ከጀርባዬ በኩል መሬት ነጥራ እግሬን መታችኝና 'ወጥተሃል' አሉኝ። ልክ ናቸው?»

አይደሉም ወንድሜ። ኤል ቢ ደብሊው ከመቺው ጀርባ ወደተተከሉት ሦስት እንጨቶች የምትሄድን ኳስ በመምቻው ሳይሆን በሰውነቱ የከለከለ መቺ ከጨዋታ የሚወጣበት ሕግ ነው። ከእንጨቶቹ መስመር ውጪ፣ በጀርባህ በኩል የነጠረች ኳስ እንጨቱን ልትገነድስ ብትሄድ እንኳ በዚህ ሕግ አታስወጣህም። ይህ ባይኖር ወርዋሪው ሁሉ በጀርባህ በኩል እያነጠረ መላወሻ ያሳጣህ ነበር። ሳትነጥር በቀጥታ ከመታችህ ግን የነጠረችበት ቦታ ጥያቄ ቀረ ማለት ነው።

«እኔ የማውቀው ከጉልበት በላይ ከነካው እንደማያስወጣ ነው።»

ግማሹ እውነት ነው፤ ከፍ ብላ የምትመታ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨቶቹ በላይ ታልፋለች። ሕጉ ግን የትኛውም የሰውነት ክፍል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 አውስትራሊያ አደሌድ ላይ ሕንዳዊው መቺ ቴንዱልካር የአውስትራሊያዊውን ወርዋሪ የማክግራዝን ኳስ ሽቅብ ትነሣለች ብሎ ጎንበስ ሲል ኳሷ አልነሣችም፤ ትከሻውን መታችው፤ ዳኛው አስወጣው። ሕንዶች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

«ታዲያ ዳኛው ምን ምን ያያል?»

ውርወራው ሕጋዊ መሆኑን፣ የነጠረችበትን፣ ከእግሩ በፊት መምቻውን አለመንካቷን፣ ሰውነቱን ያገኘችበትን መስመርና ባትከለከል እንጨቱን ትመታ እንደነበር። አንዱ ከጎደለ ሰውየው ይቆያል። ተጋጣሚዎቹ «እንዴት ነው?» ብለው ካልጠየቁም ዳኛው አያስወጣም።

ሰው የሚስተው መስመሩን ነው። መቺው ፊቱን ባዞረበት በኩል፣ ከእንጨቶቹ መስመር ውጪ ከተመታ፣ ኳሷን በእውነት ሊመታ ሞክሮ ከሆነ ይተርፋል። መምቻውን ደብቆ እግሩን ብቻ ከደቀነ ግን ሊወጣ ይችላል። እውነተኛ ሙከራ የቱ ነው የሚለው የዳኛው ግምት ስለሆነ ጭቅጭቁ አያልቅም።

«የ2019ኙ የእንግሊዛዊው መቺ የስቶክስ ነገርስ? አውስትራሊያ ተዘረፈች ይላሉ።»

ሄዲንግሊ በሚባለው የእንግሊዝ ሜዳ እንግሊዝ ለማሸነፍ 2 ሩጫ ሲቀራት፣ የመጨረሻው ጥንድ ሜዳ ላይ እያለ፣ ስቶክስ የአውስትራሊያዊውን ወርዋሪ የላየንን ኳስ ጠርጎ ሊመታ ሲል ሳተና እግሩን መታችው። ዳኛው ጆኤል ዊልሰን «አልወጣም» አለ። የኳሷን መንገድ የሚተነብየው ኮምፒውተር ኋላ እንጨቱን ትመታ እንደነበር አሳየ። ግን አውስትራሊያ የቀራትን የዳኛ ውሳኔ በምስል የማስመርመሪያ ጥያቄ ጥቂት ቀደም ብላ በስቶክስ አጣማሪ በሊች ላይ አባክናው ነበር። ያቺ ኳስ ደግሞ ከጀርባው በኩል ከመስመር ውጪ የነጠረች ናት፤ ልክ እንዳንተ እንደ ዱባዩ። ዘረፋ ከሚሉት አልስማማም፤ መጠየቂያውን ራሳቸው ነው የጨረሱት። ስቶክስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ባይ ነው።

«ወንድሜ፣ ለፓኪስታኖቹ አሳየኋቸው፤ 'እዚህ ዳኛው የኳሷ ባለቤት ነው' አሉኝ።»

እሱ ላይ ልረዳህ አልችልም።