ጡረታ ለሚወጣ ባልደረባ የስንብት መልዕክት ስትጽፉ

እንዴት ናችሁ ልጆች። ሰሞኑን ሰኔ ነው፣ በጀት ዓመቱ ሲያልቅ በየመሥሪያ ቤቱ ሽኝት ይበዛል፣ እኛም አንድ ሰው ሸኝተናል። የምሠራው ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንድ ከተማ የውሃ አገልግሎት ውስጥ፣ ጥገና ክፍል ነው፣ 26 ዓመት ሆኖኛል። የተሸኙት ደግሞ መጀመሪያ የፓምፕ ኦፕሬተር በኋላ የመስመር ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው፣ 60 ዓመት ሞላቸውና ወጡ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በክፍሉ ስም የሚነበበውን መልዕክት ጻፉ ተብለው የታዘዙት ከመጡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ልጆች ናቸው። ከነሱ ጋር ሦስት ቀን ያህል አብሬ ስለሠራሁት፣ ነገ ይሄው ሥራ እናንተ ላይ ሲወድቅ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያመጡልኝ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «በሥራ ዘመንዎ ላሳዩት ትጋት፣ ታማኝነትና የላቀ አስተዋፅኦ ከልብ እያመሰገንን ቀሪው ዘመንዎ የጤናና የደስታ እንዲሆንልዎ እንመኛለን።» ስህተት የለበትም። ግን ስሙን በእጄ ሸፍኜ ይሄ የማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው፣ የገንዘብ ያዧም ሊሆን ይችላል፣ የሾፌሩም፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ሰውም። ስሙን ስትሸፍኑት ሰውየው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ከሆነ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ሁለተኛው ችግር ከታች የጨመሩት አንቀፅ ነው፣ «ሰው አክባሪ ነበሩ፣ ሥራ ወዳድ ነበሩ፣ ለሁሉም አባት ነበሩ» እያለ ይሄዳል። ይሄ አነጋገር እኛ አገር የት እንደሚነበብ ታውቃላችሁ፣ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ነው። ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጦ እየሰማ፣ ነገ ገበያ ላይ የምታገኙትን ሰው «ነበሩ» ማለት ደስ አይልም። ያደረጉትን ሥራ ባለፈ ጊዜ ጻፉት፣ ስለ ራሳቸው ስለ ሰውየው ስትናገሩ ግን «ናቸው» በሉ፣ ሰውየው አሉ እኮ።

ከዛ ልጆቹን ወደ ሠራተኛው ላክኳቸው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው። «ጋሼ ምን ዓይነት ሰው ናቸው» ብላችሁ አትጠይቁ አልኳቸው፣ እንደዛ ከጠየቃችሁ ሁሉም «ጥሩ ሰው ናቸው» ብሎ ያልፋል። «ጋሼ ሲያደርጉ በዓይንህ ያየኸውን አንድ ነገር ንገረኝ» በሉ። ስምንት ሰው ጠየቁ፣ አምስቱ እንደዛም ተጠይቀው «ጥሩ ሰው ናቸው» ነው ያሉት፣ ሦስቱ ግን ነገር ነበራቸው። በጣም የጠቀመን ማንም ሊጠይቀው ያላሰበው የውሃ ጉድጓዱ ዘበኛ ነው። እና ዘበኛ፣ ፅዳት፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ፣ እነሱን ሳትጠይቁ መልዕክት እንዳትጽፉ፣ ሌሊትና ማለዳ ሰው የማያየውን የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ዘበኛው የነገራቸው እንዲህ ነው። በሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ውሃ በሚቀንስበት ወር፣ ሌሊት ጋሼ ተረኛ ሆነው ፓምፑ ደህና ይሠራል፣ ድምፁም ምንም አላለም። እሳቸው ግን በየሰዓቱ አምፔሩን በደብተር የመጻፍ ልማድ አላቸው፣ ፓምፑ ሌላ ጊዜ 42 አካባቢ ነው የሚጎትተው፣ ያን ሌሊት 39 ሆነ፣ ከዛ 36፣ ከዛ 33። ቮልቴጁ አልተለወጠም። ለማያውቅ ሰው አምፔር ሲቀንስ ፓምፑ የቀለለው ይመስለዋል፣ ሥጋት የሚመስለው ሲጨምር ብቻ ነው። ጋሼ ግን ዘግተው ቆሙ፣ የመለኪያ ገመዱን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደዱት፣ ውሃው ወርዶ የፓምፑ መሳቢያ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሮ ነበር ማለት ነው፣ አምፔሩ የወረደው ለዛ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሞተር ደግሞ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚያልፈው ውሃ ነው፣ ውሃው ሲጠፋ ይቃጠላል፣ ከተቃጠለ በክሬን ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ከተማው ስንት ቀን በጀሪካን ወንዝ እንደሚወርድ የኛ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። እሳቸው ውሃው ተመልሶ እስኪወጣ ጠብቀው የመውጫውን ቫልቭ በከፊል ዘግተው ቀስ ብለው አስነሱት፣ ዝናቡ እስኪገባም በቀን የሚሠራበትን ሰዓት እንድንቀንስ አደረጉ። ሞተሩ ያኔ ሳይቃጠል ቀረ። ይሄን ነገር እኔ ራሴ እንኳ በሙሉ አላውቀውም ነበር፣ ሪፖርት ላይ የወጣው «ፓምፑ ለጥቂት ሰዓት ቆሟል» የሚል ብቻ ነው። ያልተበላሸ ነገር ሪፖርት ላይ አይወጣም፣ ለዛ ነው የስንብት መልዕክት የሚጽፍ ሰው ፋይል ብቻ ይዞ መጻፍ የሌለበት።

ፋይሉም ግን መታየት አለበት። ልጆቹ «31 ዓመት» ብለው ጽፈው ነበር ሰው ስለነገራቸው፣ የሰው ኃይል ክፍል ማህደሩን ስናይ 28 ነው የሚለው። ማን ነው ልክ? ሁለቱም። ጋሼ ቋሚ ከመሆናቸው በፊት 3 ዓመት በቀን ሥራ ቦይ ቆፍረዋል፣ እሱ ማህደሩ ላይ የለም። አበሉ ሲሰላ የሚታየው ማህደር ነው፣ እኛ እሱን መለወጥ አንችልም፣ የባልደረቦች መልዕክት ግን የኛ ነው። ቆፋሪ ሆነው የገቡበትን 3 ዓመት ብንዘለው፣ የመጀመሪያውን መስመር የቀበሩበትን ጊዜ ነው የምንዘለው። እኔ ድሮ ሌላ ቦታ አንድ ሰው ሲሸኙ አይቻለሁ፣ ዓመቱ ተሳስቶ ተነቦ ሰውየው እስከ መጨረሻው አንገታቸውን እንደደፉ ነው የወጡት፣ ስጦታውን እንኳ ቀና ብለው አላዩትም።

ስለ ፀባይ ደግሞ ልጆቹ ፈርተው ነበር። ጋሼ ቁጡ ናቸው። ሁሉም ያውቃል። መልዕክቱ ውስጥ «ትዕግስተኛ» የሚል ነበረበት፣ አውጡት አልኳቸው፣ ቢነበብ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ሌላው እውነት አብሮ ይረክሳል። ግን በምን ነው የሚቆጡት? ቫልቭ በችኮላ የሚዘጋ ሰው ካዩ ነው። የሚሮጥ ውሃ በድንገት ከቆመ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ቧንቧውን ይመታል፣ አሮጌ መስመር ደግሞ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቦታ ልትጠግን ዘግተህ ሌላ ቦታ ታፈነዳለህ። እሳቸው እየቆጠሩ ነው የሚዘጉት፣ የየቫልቩን ዙር በቃላቸው ያውቁታል። ስለዚህ ቁጣቸውን ከሥራው ጋር አድርገን ጻፍነው፣ አልሸፈንነውም አላሳጣናቸውምም።

የመጨረሻው እንዲህ ሆነ፦

«ጋሼ፣ በቀን ሥራ 3 ዓመት ቆፍረው፣ ቋሚ ሆነው 28 ዓመት ሠርተው ዛሬ ይወጣሉ። በሚያዝያ ሌሊት አምፔሩ ሲወርድ አይተው ፓምፑን ስለዘጉት ከተማው ውሃ አልጠፋበትም፣ ያን ጊዜ አላመሰገንንዎትም፣ አሁን እናመሰግናለን። የላይኛው ሰፈር ቫልቭ በ14 ዙር እንደሚዘጋ፣ ቀስ ተብሎ እንደሚዘጋ ከእርስዎ ነው የተማርነው፣ በችኮላ የዘጋ ሰው ምን እንደሚሰማም ሁላችንም እናውቃለን። የአምፔር ደብተሩ ይቀጥላል፣ ተረኛው ይጽፈዋል። የተቀበረ መስመር ሲጠፋን እንደውላለን፣ ስልክዎን እንዳይዘጉብን። ጤና ይስጥልን። የጥገና ክፍል ባልደረቦችዎ።»

ይሄው ነው፣ ሲነበብ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «በየሳምንቱ እየመጣን እንጠይቅዎታለን» የሚል አረፍተ ነገር ነበረ፣ አስወጣሁት፣ ማን ሊሄድ ነው በየሳምንቱ፣ የማትፈጽሙትን በሰው ፊት አትናገሩ። እንደውላለን ግን እውነት ነው፣ መደወላችን አይቀርም። አንዱ ልጅ «አንቱ» ይሁን ብሎ ነበር እኛ ጋ ትልቅ ሰው እንደዛ ስለሚባል፣ በአፍ ሲሆን እኔም አንቱ ነው የምላቸው፣ ወረቀቱ ግን ተፈርሞ የሚቀመጥ ስለሆነ እርስዎ አደረግነው። ስጦታው ጋቢ ሆነ። ከዘራ ያለም ነበረ፣ ትናንት መሰላል ላይ የወጣን ሰው ዛሬ ከዘራ ይያዙ ማለት ግን እኔ ደስ አላለኝም። አንድ ነገር ደግሞ፣ ከቴሌግራም ግሩፑ ማንም እንዳያወጣቸው አድሚኑን ነገርኩት። በማግስቱ ጠዋት ስልካቸውን ከፍተው ከግሩፕ ተወግደው ያገኙ ሰው አውቃለሁ፣ ከተነበበላቸው ንግግር ሁሉ በላይ ውስጣቸው የቀረው ያ ነገር ነው። ሰውየው ራሳቸው መውጣት ሲፈልጉ ይወጣሉ።

ሽኝቱ ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ ቡናና ድፎ ዳቦ ቀርቦ። እንዲያነብ ያደረግነው ኃላፊውን ሳይሆን ከሁለቱ ልጆች አንዱን ነው፣ ቫልቭ በችኮላ ዘግቶ ጋሼ የተቆጡትን። የሚያዝያውን ሌሊት ሲያነብ ጋሼ ዞር ብለው ዘበኛውን አዩት፣ ማን እንደተናገረ ገባቸው። 14 ዙር የሚለው ጋ ሲደርስ ግን እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ልጄ፣ 14ቱ የታችኛው ነው፣ ባለ 4 ኢንቹ። የላይኛው ባለ 6 ነው፣ 20 ዙር ነው የሚዘጋው። 14 ላይ ተዘግቷል ብለህ ከቆፈርክ ውሃው ጉድጓድህ ውስጥ ይመጣብሃል።»

ዓመቱን ከማህደር አመሳክረን፣ ሌሊቱን ከዘበኛው ሰምተን፣ ዙሩን ግን ማንም አላጣራውም ነበር፣ እኔም ጭምር። ልጁ ቆሞ እዛው ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ 14ን ሰርዞ 20 ጻፈበት፣ ቀጥሎ አንብቦ ጨረሰ፣ የተሰረዘበትን ወረቀት እንዳለ ነው ፈርመን የሰጠናቸው። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ላይኛው ሰፈር ወጣ፣ ቀስ እያለ ዘጋው፣ 20 ነው።