«ተሳትፌያለሁ»

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንደኛ ወጣሁ። ካርዴን ይዤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን በሩጫ ነው የደረስኩት። ደጃፉ ላይ እናቴ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተቀምጣ ነበር። «አንደኛ ወጣሁ!» ብዬ ጮኽኩ። እናቴ ካርዱን ከእጄ ነጠቀችና «ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። ወደ ውስጥ ይዛኝ ገብታም በሹክሹክታ «ዓይን ያርፍብሃል» አለች። ካርዱ ሣጥን ውስጥ ገባ።

በማግሥቱ ቡና ላይ ግን ራሷ አነሳችው። ከጓዳ ሆኜ እሰማታለሁ። «ይኼ ልጅ እንጃለት፣ ዘንድሮ ደህና ሳያመጣ አልቀረም» አለች። ጎረቤቶቿ «ስንተኛ ወጣ? በይ ንገሪን እንጂ» እያሉ ጎተጎቷት። እሷም እያቅማማች ነገረቻቸው። እስከ ማታ ሰፈሩ በሙሉ አወቀው።

ይህን ነገር ካደግሁ በኋላ ነው ያሰብኩበት። እናቴ ወሬው እንዲቀበር አልፈለገችም። ከእኔ አፍ እንዳይወጣ ብቻ ነው የፈለገችው። ሰፈር ውስጥ ይህ ያስኬዳል። ሁሉም ሁሉን ያያል፣ የሚያወራላችሁም አይጠፋም። ቢሮ ግን ሰፈር አይደለም። አለቃችሁ ከእናንተ ሌላ ሃያ ሰው አለበት። ፈታኞቻችሁ ደግሞ ከዚያ በፊት አይተዋችሁ አያውቁም። ቡና አፍልታ የምታወራላችሁ እናት እዚያ የለችም።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛው ዓመት መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ለአንድ የሥራ መደብ ተወዳደርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለአንዲት ከተማ የውሃ መስመር ስሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ኮሚቴው «የአንተ ድርሻ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አንገቴን ደፍቼ «ያው በቡድን ነው የተሠራው፣ እኔ እንኳ ይህን ያህል አልሠራሁም» አልኩ። ትሁት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቦታውን ሌላ ሰው አገኘው። ከወራት በኋላ ከኮሚቴው አባላት አንዱን መንገድ ላይ አገኘሁትና ቅሬታዬን ነገርኩት። «አንተው ራስህ አልሠራሁም አልክ። እኛ ምን ብለን እንጻፍልህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

በነገራችን ላይ እኛ ስለራሳችን መናገር ጨርሶ የማንችል ሰዎች አይደለንም። ግምገማ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቁ እንደሆነ አይታችሁታል። ግለ ሂስ አውርድ የተባለ ሰው ድክመቱን ሲዘረዝር ግማሽ ሰዓት አይበቃውም። ጥንካሬህስ ሲባል «እሱን እንኳ ጓዶች ቢናገሩት ይሻላል» ብሎ ይቀመጣል። ጓዶችም ዝም ይላሉ።

ፉከራም የእኛው ነው። ፎካሪ «ጀግና ነኝ» ብሎ ብቻ አይቀመጥም። የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደዘመተ፣ ምን እንደጣለ ይናገራል። የሚናገረውም አብረውት የዋሉት ባሉበት ነው። ቢቀጥፍ እዚያው ያፍራል። አባቶቻችን ራስን መናገርን አልከለከሉም፤ ቦታና ምስክር ሰጡት እንጂ። እኔ ለወጣቶች ስመክር «ራሳችሁን አሞግሱ» የማልለው ለዚህ ነው። የዋላችሁበትን ተናገሩ ነው የምለው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ሲቪዋን ይዛ መጣች። በአንድ ከተማ የውሃ አገልግሎት ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ውጭ አገር ካለ ድርጅት ጋር በስልክ ቃለ መጠይቅ አድርጋ ወድቃለች። «ጋሼ፣ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ሦስት ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ» አለችኝ። ጥያቄው «አንቺ ምን ሠራሽ?» የሚል ነበር። እሷ ሦስቱንም ጊዜ «እኛ እንዲህ አደረግን» ብላ መልሳለች።

ሲቪዋን አየሁት። «በውሃ ብክነት ቅነሳ ሥራ ላይ ተሳትፌያለሁ» ይላል። በቃ፣ ሌላ የለም። ተሳትፎ ማለት ምን ማለት ነው? ስብሰባ ላይ ሻይ የጠጣም ተሳትፏል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እንደ ሰፈር ሰው ወሬውን ጠየቅኋት። ቀስ እያለ ወጣ። ከተማዋ በቀን 1,500 ሜትር ኩብ ውሃ ታመርታለች። በቢል የሚሰበሰበው ግን የ930 ሜትር ኩብ ብቻ ነበር። 38 በመቶው የት እንደገባ አይታወቅም። ሰው ሁሉ «ቧንቧው አርጅቷል» ይላል። እሷ ግን ማታ ማታ የቢል መዝገቡን ታገላብጥ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ንባባቸው ያልተንቀሳቀሰ ደንበኞችን ለየች። ሰው እየኖረበት ውሃ የማይጠጣ ቤት የለም መቼም። ቤት ለቤት ዞራ ስታይ 212 ቆጣሪ ቆሟል። ዝርዝሩን ለሥራ አስኪያጁ አቀረበች። አዲስ ቆጣሪ ተገዝቶ ተተከለ። በዘጠኝ ወር ውስጥ በቢል የሚሰበሰበው 1,080 ሜትር ኩብ ደረሰ፣ ብክነቱም ወደ 28 በመቶ ወረደ።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ፊቷ በርቷል። ስትጨርስ ግን «ያው ብዙም አይደለም» አለች። ያደገችበት ቤት ከእኛ ቤት የራቀ አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ ሰዋስው ገባን። አትሳቁ። አማርኛ ለዚህ ነገር ሦስት መንገድ ይሰጠናል። «ተለየ»፣ «ለየን»፣ «ለየሁ»። የመጀመሪያው ባለቤቱን ይሰውራል። ሁለተኛው ሕዝብ መሐል ይከተዋል። ሦስተኛው አንድ ሰው ያቆማል። እኛ ከልጅነታችን የለመድነው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ሦስተኛውን ስንናገር እብሪት እብሪት ይሸተናል። ግን አስተውሉ፣ አማርኛ «እኔ» እንድትሉ አያስገድዳችሁም። «እኔ ነኝ የለየሁት» ካላችሁ ሌላውን ሰው ገፍታችሁ መቆማችሁ ነው። «መዝገቡን አይቼ ለየሁ» ስትሉ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው «ሁ» ብቻዋን ትበቃለች። ማንንም አትገፋም፣ እናንተንም አትሰውርም። ልጅቷ ይህን ስነግራት ደጋግማ ሞከረችው። «ለየሁ… ዞሬ አየሁ… አቀረብኩ።» አፏ እስኪለምደው ጊዜ ወሰደባት።

ቀጥሎ ድርሻውን መክፈል መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዱ ሁሉንም ለቡድኑ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይቀራል። ሌላው ሁሉንም ወደ ራሱ ይሰበስባል። «ብክነቱን ከ38 ወደ 28 አወረድኩ» ብላ ብትጽፍ ውሸት ይሆን ነበር። በዚያው ዘጠኝ ወር ሌላ ቡድን ዋናውን መስመር ጠግኗል። ውሃው በፈረቃ ስለሚታደል ከፍሳሽ የዳነው ደንበኞች ጋ ደርሶ ቢል ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ቁጭ ብለን አሰብነው። ቆጣሪ የተቀየረላቸው 212 ደንበኞች አሁን በአማካይ በወር 12 ሜትር ኩብ ይከፍላሉ። ይህ በቀን 85 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ከተገኘው 150 ውስጥ 85ቱ ከእሷ ዝርዝር የመጣ ነው። ቀሪው የጠጋኞቹ ነው።

«ከአሥሩ ነጥብ ስድስት የማይሞላው ነው የእኔ?» አለችኝ፣ ቅር ብሏት። አዎ። ግን ያ ስድስት የማይሞላ ነጥብ ማንም የማይነጥቃት ነው። የቀድሞ ሥራ አስኪያጇ ጋ ቢደወል ያንኑ ይናገራል። እኔ በቅጥር ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ያጋነነ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። «እንዴት አወቅህ?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚጥለው። ሥራውን የሠራ ሰው እዚህ ላይ ችግሩን ያወራል። መዝገቡ ላይ የቤት ቁጥር ተደባልቆ ነበር፣ አንዷ ባለቤት በር አልከፍትም ብላኝ ነበር ይላል። ያልሠራው ደግሞ ስለ ቅንጅትና ስለ ባለድርሻ አካላት ይሰብካል።

አዲሱን አረፍተ ነገር ሦስት ቀን ቆይታ ላከችልኝ። «ሦስት ወር ንባባቸው ያልተለወጠ ደንበኞችን ከቢል መዝገብ ለይቼ፣ ቤት ለቤት በማጣራት 212 የቆሙ ቆጣሪዎችን አገኘሁ። ቀየርኳቸውና በቀን 85 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ውሃ ቢል ውስጥ ገባ።» ጥሩ ነው። አንድ ቃል ላይ ግን ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። «ቀየርኳቸው» የሚለው ላይ። ቆጣሪዎቹን የቀየሩት ሁለት የቧንቧ ሠራተኞች ናቸው። ዝናብ ላይ ሲቆፍሩ የከረሙት እነሱ ናቸው። «የቧንቧ ሠራተኞቻችን ሲቀይሯቸው» ብላ አስተካከለችው። ትሕትና የማውቀው እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ ሊንክድኢን ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ብዙ የምለው የለኝም። «ታላቅ ክብር ተሰማኝ» የሚለውን ትታችሁ ስለ ቆጣሪዎቹ ጻፉ። ሰው ሲያመሰግናችሁም «ኧረ ምንም አይደል» ብላችሁ አትሽሹ፤ አመስጋኙን ሰው ውሸታም ማድረግ ነው። «አመሰግናለሁ፣ ቤት ለቤቱ ነበር የከበደኝ» ማለት ይበቃል። ለአለቃችሁ ደግሞ ዓርብ ዓርብ አምስት መስመር ጻፉ። ምን እንደጀመራችሁ፣ ምን እንደጨረሳችሁ፣ ምን እንደያዛችሁ። ይህን ማንም ጉራ አይለውም፣ ሪፖርት ነው። ዓመቱ አልቆ የአፈጻጸም ቅጽ ሲመጣም «ምን ሠርቼ ነበር?» ብላችሁ ጭንቅላታችሁን አታኩም።

ልጅቷ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ዞር ብላ «ጋሼ፣ የእርስዎን ሲቪ አይቼው ብማርበትስ?» አለችኝ። ከኮምፒውተሩ ፈልጌ ከፈትኩላት። አብረን ማንበብ ጀመርን። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ቦታ «ተሳትፌያለሁ» ይላል።