ማኅተም የበዛበት ዲግሪ፦ ትምህርት ቤትን ከዲግሪ ሻጭ ስለመለየት ጥያቄና መልስ

ሰብለ፦ ዋሽንግተን አካባቢ የውጭ የትምህርት ማስረጃ በሚገመግም ቢሮ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። የትምህርት ቤቱን አገርና የዲግሪውን ዓይነት ጻፉልኝ። “አንድ ኮሌጅ አለ” ብቻ ከሆነ መልስ የለኝም።

ሳምሪ (ዱባይ)፦ እትዬ ሰብለ፣ የአሜሪካ ኤምቢኤ በኦንላይን ልጀምር ነው። የሥራ ልምዴን አይተው በ15 ቀን ዲግሪውን ከነትራንስክሪፕቱ ይልካሉ። የእውቅና ሰጪያቸውን ሊንክ ተጭኜ አየሁ፤ እውነትም ስማቸው እዚያ አለ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ማኅተምም ይመታበታል አሉኝ። ምን ይላሉ?

ሰብለ፦ ሳምሪዬ፣ ብር እንዳትልኪ። አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ ትምህርት ቤቶችም ለሥራ ልምድ ጥቂት ኮርሶችን ይቆጥራሉ። ሙሉ ማስተርስ ግን አይሰጡም። የ15 ቀኑ ነገር ብቻውን ይበቃ ነበር።

አንቺን ያታለለሽ ግን ሊንኩ ነው። ትምህርት ቤቱ ወደ እውቅና ሰጪው ይወስድሻል፣ እውቅና ሰጪው ደግሞ ትምህርት ቤቱን ይመሰክርልሻል። ሁለቱንም ያሠራው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ያጋለጠው አክዛክት የሚባል የካራቺ፣ ፓኪስታን ኩባንያ የሚሠራው እንዲህ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹንም እውቅና ሰጪ የተባሉትንም ራሱ ፈጥሮ፣ ባሕረ ሰላጤው አገር ላሉ ሠራተኞች ጭምር ይሸጥ ነበር።

ስለዚህ እነሱ በሰጡሽ ሊንክ አትሂጂ። ope.ed.gov/dapip ብለሽ ራስሽ ጻፊ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዝርዝር ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ፈልጊ። ከተገኘ ከተማውና አድራሻው አንድ መሆኑን እዪ፤ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ስም ላይ አንድ ቃል ጨምረው የሚነግዱ አሉ። ቀጥሎ እውቅናው የተሰጠበትንና ያበቃበትን ቀን ተመልከቺ፤ የተዘጋ ትምህርት ቤትም እዚያው ተመዝግቦ ይቆያል። ካልተገኘ የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት እውቅና ምክር ቤት ድረ ገጽ በሆነው chea.org ላይ ድገሚ። ሁለቱም ጋ ከሌለ ያ ዲግሪ አሜሪካ ውስጥ እውቅና የለውም።

ማኅተሙን በተመለከተ ሁሌም የምናገረውን ልድገም። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ኖተሪ ዘንድ ይሄዳል፣ “ይህ የዲግሪዬ ትክክለኛ ግልባጭ ነው” ብሎ ይፈርማል። ኖተሪው የሚያረጋግጠው የሰውየውን ፊርማ ነው። ስቴቱ ኖተሪው በእርግጥ ኖተሪ መሆኑን ያረጋግጣል። ውጭ ጉዳይ የስቴቱን ማኅተም ያረጋግጣል። ሦስት ማኅተም ተመታ፣ ትምህርት ቤቱ መኖር አለመኖሩን ግን ማንም አላየም። የአክዛክት ሰዎች ደግሞ በወቅቱ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው የጆን ኬሪ ፊርማ ያለበትን የውጭ ጉዳይ ማረጋገጫ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ይሸጡት ነበር። ማኅተም የእውቅና ማስረጃ አይደለም።

ዳዊት፦ ይሄን ያህል መድከም ምን ያደርጋል? ድረ ገጹ በ.edu ካለቀ እውነተኛ ነው፣ አለቀ።

ሰብለ፦ ግማሹ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ .edu የሚሰጠው እውቅና ላላቸው የአሜሪካ ተቋማት ነው። ከዚያ በፊት የያዙት ግን ሳይነጠቁ ቀርተዋል። ደግሞ ሰው በችኮላ ሲያይ college-edu.org ዓይነቱንም .edu ብሎ ያልፈዋል። መጨረሻው .edu ስለሆነ ብቻ ማጣራቱን አትተው።

ኪሩቤል (ዳላስ)፦ የመንግሥት ዝርዝር ያሉትም ፍጹም አይደለም። ኤሲአይሲኤስን ረሱት?

ሰብለ፦ አልረሳሁም፣ ጥሩ አነሳህ። ኤሲአይሲኤስ በመንግሥት የታወቀ እውቅና ሰጪ ነበር። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ሬጋን ናሽናል ለሚባል ዩኒቨርሲቲ እውቅና ሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የዩኤስኤ ቱደይ ጋዜጠኞች ቦታው ድረስ ሄደው ተማሪም አስተማሪም አጡ። ሚኒስቴሩ ኤሲአይሲኤስን የሰረዘው በ2022 ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ መኖር የመጀመሪያው ወንፊት ነው። ከዚያ በኋላ የአስተማሪዎቹን ስም አንሥታችሁ ሌላ ቦታ መኖራቸውን ፈልጉ፣ የተመረቁ ሰዎችንም አነጋግሩ።

ወንድም ያሬድ (ኦርላንዶ)፦ የእኛ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ፍሎሪዳ ውስጥ በሕግ የተመዘገበ ነው። ከስቴቱ ደብዳቤ አለን። እርስዎ ባሉት ዝርዝር ግን የለም። ዲግሪ ሻጭ ልንባል ነው?

ሰብለ፦ አላልኩም። ፍሎሪዳ የሃይማኖት ኮሌጆችን ከፈቃድ ነጻ ታደርጋለች፣ የሚሰጡት ዲግሪም ስሙ ላይ ሃይማኖታዊ መሆኑ መታወቅ አለበት። ያ ደብዳቤ “ፈቃድ አያስፈልጋችሁም” ይላል እንጂ “ትምህርታችሁን መርምረናል” አይልም። ለአገልግሎት ለሚማር ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። በዚያ ዲግሪ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር የሚያስብ ተማሪ ግን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ አለበት። ትነግሯቸዋላችሁ?

ወንድም ያሬድ፦ የጠየቀ ይነገረዋል።

ኪሩቤል፦ ካልጠየቀስ? አክስቴ ለሁለት ዓመት ከፍላ ያወቀችው መጨረሻ ላይ ነው።

ወንድም ያሬድ፦ የአክስትህ ትምህርት ቤት የእኛ አይደለም። አንዱ ባጠፋ ሁላችንን አትፈርጁ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ስታሠለጥን ከመንግሥት ማኅተም መለመን የለባትም።

ዳዊት፦ እኔ ወንድም ያሬድን እደግፋለሁ። አገር ቤት ባለ ፎርጅድ ዲግሪው አለቃ ሆኖ የለ እንዴ!

ሰብለ፦ ዳዊት፣ ፎርጅድ ሌላ ጉዳይ ነው። የወንድም ያሬድ ተማሪዎች እውነት ይማራሉ። ጭቅጭቁን ለብቻ ቀጥሉት። የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ኤቲኤስና ትራክስ የሚባሉ የታወቁ እውቅና ሰጪዎች አሏቸው። የሚፈልግ ማመልከት ይችላል።

ሄለን (አዲስ አበባ)፦ የግል ኮሌጅ ነው፤ አካውንቲንግ ዲግሪ፣ በማታ። “እውቅና ያለው” የሚል ባነር ሰቅለዋል። ይበቃል?

ሰብለ፦ አይበቃም። አገር ቤት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለካምፓስ፣ ለትምህርት መስክና ለአሰጣጥ ነው። አንድ ኮሌጅ ዋናው ግቢ በመደበኛ አካውንቲንግ ተፈቅዶለት፣ አዲስ በተከራየው ፎቅ በማታ ሲያስተምር ባነሩ ያው ነው። ደብዳቤውን አሳዩኝ በይ። የአንቺ ካምፓስ፣ አካውንቲንግ፣ ዲግሪ፣ ማታ፦ አራቱም ተጽፈዋል? ቀኑስ አላለፈም? ከዚያ ባለሥልጣኑ ዘንድ አጣሪ። “መውጫ ፈተና አያስፈልግሽም” ካሉሽ ውጪ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የግልም ቢሆን ይፈተናል።

ብሩክ (ፍራንክፈርት)፦ እኔ ዲግሪዬን ከአገር ቤት ነው ያመጣሁት። ጀርመኖቹ ይቀበሉታል ወይ? እውቅና ስትሉ ነው ትዝ ያለኝ።

ሰብለ፦ የዛሬ ጉዳያችን አይደለም። አናቢን በሚባለው የጀርመን የውጭ ዲግሪዎች መዝገብ ላይ የዩኒቨርሲቲህን ስም ፈልግ፣ አጠገቡ H+ ካለ ጥሩ ነው።

ተማም፦ የክብር ዶክትሬት በ800 ዶላር ሊሰጡኝ ነው። ይሻላል?

ሰብለ፦ ክብር ዋጋ ከተለጠፈበት ሽያጭ ነው። አይሻልም።

መሲ፦ ሰላም፣ ጥሩ የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ጠቁሙኝ።

ሰብለ፦ መሲ፣ ምን ልትማሪ? የት አገር ልትሠሪበት? መጀመሪያ የጻፍኩትን አንብቢና ተመለሽ። ለሳምሪ የሰጠሁትንም።

ሳምሪ፦ እትዬ ሰብለ፣ ፈለግኩት፣ ሁለቱም ጋ የለም። ሻጩ እስከ ነገ ቅናሽ አለ እያለ እየደወለ ነው። 400 ዶላር ቅድሚያ ከፍያለሁ፤ የፓስፖርቴን ኮፒም ልኬያለሁ። ቅድም ማፈሬ ነው ያልነገርኩዎት።

ሰብለ፦ ምንም አይደል የኔ ልጅ። በካርድ ከሆነ አሁኑኑ ባንክሽ ደውለሽ ክፍያውን እንደምትቃወሚ ንገሪያቸው፤ የተጻጻፋችሁትንም አታጥፊ። በዌስተርን ዩኒየን ከሆነ ተስፋው ጠባብ ነው። ተጨማሪ መረጃ አትስጪው። አንድ ነገር ግን ያዢ፦ የአክዛክት ደዋዮች የገዛውን ሰው “ከኤምባሲ ነን፣ ሰነድህ ሕገ ወጥ ነው፣ ካልከፈልክ ትከሰሳለህ” እያሉ መልሰው ያስከፍሉት ነበር። እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ ዝጊው። ኤምባሲ በስልክ ደውሎ ቅጣት አያስከፍልም። በምን እንደከፈልሽ ጻፊልኝ፣ አልተኛሁም።

ሳምሪ፦ በካርድ ነው።

ሰብለ፦ እንግዲያው ባንኩ ዛሬ ይወቅ። ደውዪና ያሉሽን እዚሁ ጻፊ።