ማስረጃን በቀን ቅደም ተከተል ስለ ማሰናዳት

«በኢንተርኔት የግብይት መድረክ የገዛሁት ስልክ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ደረሰኝ፤ ሻጩ ገንዘቤን አልመልስም ብሏል። ለመድረኩ ከማመልከቴ በፊት መልእክቱን፣ ደረሰኙንና ፎቶውን እንዴት ላሰናዳ?»

አስቀድመው የመድረኩን የአቤቱታ ቀነ ገደብ ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ዕቃው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ሻጩ «ጥቂት ይታገሱኝ» ባለ ቁጥር የሚያልቀው የእርስዎ ጊዜ ነው።

ከዚያ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በመጨረሻም የማስረጃውን ፋይል ስም ይጻፉ። ለምሳሌ፦ መጋቢት 3 ክፍያ፣ ደረሰኝ፤ መጋቢት 9 ርክክብ፣ የማድረሻ ማረጋገጫ፤ በዚያው ዕለት የስንጥቁ ፎቶ፤ መጋቢት 10 ለሻጩ የላኩት መልእክት፤ መጋቢት 12 የእምቢታ መልሱ። እዚህ ላይ ክብደት ያለው በርክክቡና በመጀመሪያው ቅሬታ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ክፍተቱ በሰፋ መጠን ሻጩ «እርስዎ ጋር ነው የተሰበረው» ለማለት ይመቸዋል።

የመልእክት ስክሪንሾት ሲያነሱ «ትናንት» የሚል ብቻ ከታየ፣ ከሳምንት በኋላ ለሚያየው ገምጋሚ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ሙሉው ቀን፣ የሻጩ ስምና ከፊትና ከኋላ ያሉት መልእክቶች አብረው እንዲታዩ ያድርጉ። ፎቶውንም በመልእክት መተግበሪያ አዟዙረው አያስቀምጡ፤ ብዙዎቹ ምስሉን ሲያሳንሱ በውስጡ የተመዘገበውን የተነሣበትን ጊዜ ያጠፉታል። ዋናውን ሳይነኩ ቅጂውን ብቻ ይሰይሙ፤ የመጋቢት 9ኙን ፎቶ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደ `2025-03-18_1640.jpg` ያለ ስም ቢሰጡት፣ እንዲህ ያለው አሰያየም ፋይሎቹን በራሱ በቅደም ተከተል ያሰልፋል።

የማይመቹዎትን መልእክቶች ግን አይቁረጡ፤ ሻጩ ሙሉውን ንግግር ካቀረበ የቀረው ማስረጃዎ ሁሉ ይጠረጠራል።