ጣሪያውን የሰረዝኩበት ዓመት

ሰሞኑን የአንድ የግል ትምህርት ቤት ሂሳብ የምትይዝ ልጅ ደወለችልኝ። «የሚመጣው ዓመት በጀት አልመጣጠን አለኝ። ከየትኛው ልቀንስ?» አለችኝ። አስቤ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ በጀቱን የሠራሁት በ600 ተማሪ ነው። የተመዘገበው እውነትም 600 ነበር። ግን የተመዘገበ ሁሉ አይመጣም፣ የመጣ ሁሉም ሙሉ አይከፍልም። ወንድማማቾች ቅናሽ አላቸው፣ የመምህራን ልጆች በግማሽ ይማራሉ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ የሚለቅም አለ። ሁሉም ሲቀናነስ የገባው ገንዘብ የ520 ተማሪ ያህል ሆነ። ካሰብኩት 100 እጅ 13ቱ የለም።

ከ100ው 68ቱ ለደመወዝ፣ 10ሩ ለመጻሕፍትና ለጽሕፈት መሣሪያ፣ 12ቱ ለሕንፃ ጥገና ነበር። የቀረው ለመብራት፣ ለውሃና ለመሳሰለው ነው። መምህር ውል አለው፣ አይነካም። መጻሕፍቱ ተገዝተው መጋዘን ገብተዋል። ቢቆረጥ የማይጮኸው ጥገናው ብቻ ነው። እሱን ሰረዝኩት። ዳይሬክተሩ «ጎበዝ!» አሉኝ።

የጥበቃው ሽማግሌ ግን ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል። የቆርቆሮው ሚስማርም ላልቷል።» «ለከርሞ፣ አባባ» አልኳቸው። መሰላልና የአንድ ቀን ሠራተኛ ነበር የሚፈልገው።

ዝናቡ ሲመጣ ውሃው በግድግዳው ወርዶ መጋዘን ገባ። የሁለት ክፍል ኮርኒስ በሌሊት ወረደ። ቀን ቢሆንስ ኖሮ? ጥገናው ከሰረዝኩት በላይ ፈጀ፣ የራሰውን መጽሐፍም እንደገና ገዛን። ሽማግሌው አንድ ቃል አልተናገሩኝም። መጻሕፍቱን ፀሐይ ላይ አብረውኝ አሰጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የዛሬ ልጆች ኤክሴላችሁ ያምራል። እኛ በእርሳስ ነበር የምንደምረው። ግን የተማሪው ቁጥር ከተሳሳተ ቀለሙ አያድነውም። ካለፈው ዓመት በእጅ የገባውን ክፍያ ቁጠሩ እንጂ የመዝገቡን ስም አትቁጠሩ። ሌላው፣ ክፍያ የሚሰበሰበው 10 ወር ሆኖ ደመወዝ የሚከፈለው 12 ወር ከሆነ፣ በየወሩ የደመወዙን አንድ አምስተኛ ለብቻ አስቀምጡ። ያለዚያ የእረፍቱን ሁለት ወር በሚመጣው ዓመት ምዝገባ ትከፍላላችሁ፣ አዲሱ ዓመትም ከነጉድለቱ ይጀምራል።

ጥገና አይነካም እያልኩ ነው መሰለኝ። የአጥር ቀለም ከሆነ ግን ዛሬም እቀንሳለሁ። ውሃ የሚያስገባውን ነው የማልነካው።

ጠዋት ደወልኩላት። «ጣሪያው ላይ ወጥቶ ያየ ሰው አለ?» አልኳት።

ዝም አለች።