ጀነራል ፋክተሮች፣ ኢንሃንሰርና ሚዲየተር፦ ማን ምን ይሠራል?

ጥያቄው፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ጀነራል ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮቹ ፖሊመሬዝ ቱን አምጥተው ፕሮሞተሩ ላይ ካስቀመጡት ኢንሃንሰርና ሚዲየተር ለምን አስፈለጉ? ስላይዱ ሁሉንም "ያግዛል" ብቻ ነው የሚለው፣ እኔ ደሞ ማን ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶኛል። የገባችሁ አስረዱኝ።»

እህቴ ግራ ቢገባሽ አይገርምም፣ ስላይዶቹ ሁሉንም ፕሮቲን ባንዴ ፕሮሞተሩ ላይ ደርድረው ነው የሚያሳዩት፣ እንደዛ ከሆነ ደሞ የትኛው ሲጎድል ምን እንደሚቀር አይታይም። እኔ ይሄን ሥራ ቲዩብ ውስጥ ስሠራውም ተማሪ ሳስረዳም ቆይቻለሁ፣ ሰው የሚገባው አንድ በአንድ እየቀነሰ ሲያየው ነው፣ ስለዚህ በዛ መንገድ ልሂድ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ጀነራል ፋክተሮቹ ፖሊመሬዙ ከየትኛው ቤዝ እንደሚጀምር ይወስናሉ፣ ዲኤንኤውንም ይከፍቱለታል። ኢንሃንሰሩ ደሞ በየትኛው ሴል፣ መቼ፣ በምን ያህል ድግግሞሽ የሚለውን ይወስናል። ሚዲየተር የኢንሃንሰሩን ውሳኔ ወደ ፕሮሞተሩ ማሽን የሚያደርሰው ነው፣ እሱ ከሌለ ሁለቱ አይተዋወቁም።

መጀመሪያ ጀነራል ፋክተሮቹን ብቻ እንያቸው። ታታ ቦክስ ያለው ፕሮሞተር ያዢ፣ ለምሳሌ ቲዩብ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበትን የአዴኖቫይረስ ሜጀር ሌት ፕሮሞተር። ታታው መጀመሪያ ቦታው ሊደረስበት 30 ቤዝ ገደማ ሲቀር ነው ያለው። ቲኤፍ-ቱ-ዲ ውስጥ ያለው ቲቢፒ የሚባለው ፕሮቲን እዛ ላይ ቁጭ ይልና ዲኤንኤውን ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ያጎብጠዋል። ከዛ ቲኤፍ-ቱ-ቢ ይመጣል፣ ባንድ በኩል ቲቢፒን በሌላ በኩል ፖሊመሬዙን ይዞ ርቀቱን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ፖሊመሬዝ ቱ ከቲኤፍ-ቱ-ኤፍ ጋር ተያይዞ ይገባል፣ ቀጥሎ ቲኤፍ-ቱ-ኢ፣ እሱ ደሞ ቲኤፍ-ቱ-ኤችን ይጠራል። (ታታ የሌለው ፕሮሞተር በሰው ጂኖም ውስጥ ከሚበዛው ወገን ነው፣ እዛም ቢሆን ቲኤፍ-ቱ-ዲ ያስፈልጋል፣ ታፍ የሚባሉት አጋሮቹ ሌሎች ምልክቶችን ይይዛሉ።)

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፖሊመሬዙ ከተቀመጠ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ዲኤንኤው ገና ድርብ ነው፣ የተዘጋ ነው፣ ፖሊመሬዝ ቱ ደሞ እንደ ባክቴሪያው ፖሊመሬዝ በራሱ ጉልበት አይከፍተውም። የሚከፍተው ቲኤፍ-ቱ-ኤች ውስጥ ያለው ኤክስፒቢ ነው፣ ኤቲፒ እያቃጠለ ከፊት ያለውን ዲኤንኤ ወደ ፖሊመሬዙ ሆድ ይገፋዋል፣ ዲኤንኤው እየተጠማዘዘ ሲገባ ጭንቀቱን መቻል አቅቶት መጀመሪያ ቦታው አካባቢ ይለያያል። ይሄ ወሬ አይደለም፣ ታይቷል። ቀጥ ባለ ዲኤንኤ ላይ ሊሰበር የማይችል የኤቲፒ አምሳያ ስትሰጪው ሁሉም ፋክተር እያለ ምንም አርኤንኤ አይወጣም። ዲኤንኤው ግን ሱፐርኮይልድ፣ ማለትም በራሱ ላይ የተጠማዘዘ፣ ከሆነ ጭንቀቱ ቀድሞ ስላለ አንዳንድ ፕሮሞተር ቲኤፍ-ቱ-ኤች ሳይኖር ይሠራል፣ በ1993 በአንድ የኢሚዩኖግሎቡሊን ፕሮሞተር ላይ ቲቢፒ፣ ቲኤፍ-ቱ-ቢና ፖሊመሬዙ ብቻ በቂ ሆነው ታይተዋል። ስለዚህ ቲዩብ ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ቴምፕሌትሽ ቀጥ ያለ ይሁን ሱፐርኮይልድ ሁሌ እወቂ፣ እሱን ሳያውቁ «ቲኤፍ-ቱ-ኤች አያስፈልግም» የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጄሉ ላይ የምታዪው ባንድ የፖሊመሬዝ ቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ደሞ አንዱን ቲዩብ አልፋ-አማኒቲን ጨምሪበት፣ በሚሊ ሊትር 2 ማይክሮግራም ላይ የእሱ ባንድ ይጠፋል፣ ፖሊመሬዝ ስሪ ግን በዛ መጠን አይነካም።

እሺ፣ እዚህ ድረስ ኢንሃንሰርም ሚዲየተርም አላነሳሁም፣ አርኤንኤ ግን ወጥቷል። ጥያቄሽ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፣ ልክም ነሽ። የተጣሩ ጀነራል ፋክተሮችና ፖሊመሬዙ ብቻ ያሉበት ቲዩብ ውስጥ መሠረታዊ የሆነ ትንሽ ትራንስክሪፕሽን አለ። ችግሩ አክቲቬተር፣ ማለትም ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ጂን የሚያስነሳ ፕሮቲን፣ ስትጨምሪበት ነው፤ ሴል ውስጥ ጂን በእጥፍ ድርብ የሚያስነሳ አክቲቬተር እዛ ቲዩብ ውስጥ ሲገባ ምንም ለውጥ አያመጣም። ያልተጣራ ኤክስትራክት ላይ ግን ይሠራል። እንግዲህ በማጣራቱ መሀል የጠፋ ነገር አለ ማለት ነው።

ያንን የጠፋ ነገር የሮጀር ኮርንበርግ ላብ በ1990 ያገኘበት መንገድ በጣም ነው የሚያምረኝ። እርሾ ኤክስትራክት ውስጥ አንድ አክቲቬተር ከመጠን በላይ ሲጨምሩ፣ በሌላ አክቲቬተር የሚነሳው ጂን ተዳከመ። ሁለቱ የተለያየ ዲኤንኤ ላይ የሚቀመጡ ናቸው፣ አንዱ ሲበዛ ሌላው ለምን ይዳከማል? ሁለቱም የሚሻሙት አንድ የጋራ ነገር ስላለ፣ የበዛው ሁሉንም ይዞበት። አሁን ጥያቄው ያ የጋራ ነገር ምንድነው ነው። ጀነራል ፋክተር ቢሆን ኖሮ ጀነራል ፋክተር ሲጨመር መፈታት ነበረበት፣ ጨመሩ፣ አልተፈታም። ፖሊመሬዝም ጨመሩ፣ አልተፈታም። ከኤክስትራክቱ የተለየ አንድ ፍራክሽን ሲጨምሩ ግን ተፈታ። እሱን ነው ሚዲየተር ያሉት። ከአራት ዓመት በኋላ አጥርተው ሲያወጡት ወደ ሃያ የሚጠጉ ፕሮቲኖች አብረው ሆነው ተገኙ፣ ዛሬ እርሾ ውስጥ 25፣ ሰው ውስጥ ደሞ እስከ 30 የሚደርሱ ሰብዩኒቶች ይቆጠራሉ።

የተጣራው ሚዲየተር ቲዩቡ ውስጥ ሲገባ ሦስት ነገር ተለወጠ። አክቲቬተር መስማት ጀመረ። አክቲቬተር በሌለበትም መሠረታዊው ትራንስክሪፕሽን ጨመረ። ሦስተኛው ቲኤፍ-ቱ-ኤች ፖሊመሬዙን ፎስፎሪሌት የሚያደርግበት ፍጥነት ጨመረ፣ ይሄኛውን አስቢበት ምክንያቱም መነሳቱ የሚያልቀው በሱ ነው። ፖሊመሬዝ ቱ ሲቲዲ የሚባል ረጅም ጅራት አለው፣ ሰባት አሚኖ አሲድ ያለው ተደጋጋሚ ሐረግ ነው፣ በሰው 52 ጊዜ በእርሾ 26 ጊዜ ይደጋገማል። ሚዲየተር የሚይዘው ፎስፌት የሌለበትን ጅራት ነው። ቲኤፍ-ቱ-ኤች ውስጥ ያለው ሲዲኬ7 የየሐረጉን አምስተኛ ሴሪን ፎስፎሪሌት ሲያደርግ ሚዲየተር ጅራቱን ይለቃል፣ ፖሊመሬዙም ከፕሮሞተሩ ይላቀቃል። ስለዚህ ሚዲየተር ፖሊመሬዙን ያመጣዋልም፣ የሚለቀቅበትንም ምክንያት ራሱ ያፋጥናል። ለዚህ ነው «ያግዛል» የምትለዋ ቃል የምታናድደኝ፣ ምን እንደሚያግዝ ካልተባለ ምንም አልተባለም።

አሁን አንድ እውነተኛ ጂን ላይ እንየው፣ ኢጂአር1 የሚባለውን። ሴሉ የዕድገት ምልክት ሲያገኝ ማፕ ካይኔዝ ይነሳል፣ እሱም ከጂኑ አጠገብ ዲኤንኤ ላይ የተቀመጠውን ኢኤልኬ1 ፎስፎሪሌት ያደርገዋል። ኢኤልኬ1 ፖሊመሬዙን ሄዶ አይነካም። ፎስፌት ሲይዝ የሚነካው የሚዲየተርን አንድ ሰብዩኒት፣ ሜድ23ን ነው። ሜድ23 የሌላቸው የአይጥ የፅንስ ስቴም ሴሎች ተሠርተው ሲታዩ ኢኤልኬ1 ማስነሳት አቃተው፣ የአዴኖቫይረሱ ኢ1ኤ ፕሮቲንም እንደዛው፣ ቪፒ16 የሚባለው አክቲቬተር ግን እዛው ሴል ውስጥ ደህና ሠራ። ለምን? ቪፒ16 የሚይዘው ሜድ25ን ስለሆነ ነው። ተመልከቺ፣ ጀነራል ፋክተሮቹ በሁሉም አንድ ናቸው፣ ሚዲየተሩም በሞላ ጎደል ሙሉ ነው፣ የጎደለው ያንድ አክቲቬተር መያዣ ብቻ ነው፣ የጠፋውም የዛ አክቲቬተር ድምፅ ብቻ ነው። ሚዲየተርን እንደ ባለ ብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ብታስቢው ያስኬዳል፣ እያንዳንዱ አክቲቬተር የራሱ ሶኬት አለው፣ መውጫው ግን አንድ ነው፣ ፖሊመሬዙ።

ኢንሃንሰር እንግዲህ የነዚህ አክቲቬተሮች መቀመጫ የሆነ ዲኤንኤ ነው፣ በራሱ ምንም አይሠራም። ሩቅ መሆኑ ነው ሰውን የሚያስጨንቀው። ሶኒክ ሄጅሆግ ጂንን በእጅና እግር ቡቃያ ውስጥ የሚያስነሳው ዜድአርኤስ የሚባል ኢንሃንሰር ወደ 1 ሚሊዮን ቤዝ ርቆ ኤልኤምቢአር1 የሚባል ሌላ ጂን ኢንትሮን ውስጥ ነው ያለው፣ እዛ ላይ አንዲት ቤዝ ስትቀየር ትርፍ ጣት ያለው ልጅ ሊወለድ ይችላል። የሶኒክ ሄጅሆግ ፕሮሞተር ግን ምንም አልተነካም፣ ጀነራል ፋክተሮቹም ጤነኛ ናቸው። መጽሐፉ ላይ ዲኤንኤው ተጠቅልሎ ኢንሃንሰሩ ፕሮሞተሩን ሲነካ ታያለሽ፣ ያ ሥዕል መቀራረብን ለማሳየት ጥሩ ነው፣ ግን ተጣብቀው የሚቆዩ እንዳይመስልሽ። ሶክስ2 ጂን በሕያው ሴል ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኢንሃንሰሩ የቀረበበት ሰዓትና ጂኑ የሚነሳበት ሰዓት አልተገጣጠሙም። ሌላው ደሞ ጂን እንደ ቧንቧ ውሃ ዝም ብሎ አይፈስም፣ ለተወሰነ ጊዜ ይነሳና ይተኛል፣ ኢንሃንሰር በዋናነት የሚጨምረው የመነሳቱን ብዛት ነው እንጂ በአንድ መነሳት የሚወጣውን አርኤንኤ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልተው፣ ምክንያቱም አንድ ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ የት እንደተቀመጠ የሚያሳየውን ቺፕ ዳታ ማንበብ ስትጀምሪ የሚያሳስትሽ እሱ ነው። ፕሮሞተሩ አካባቢ የፖሊመሬዝ ቱ ክምር ስታዪ ጂኑ እየሠራ ነው አትበዪ። እንስሳት ውስጥ ፖሊመሬዙ ከተነሳ በኋላ ከ20 እስከ 60 ቤዝ ገደማ ሄዶ ኔልፍና ዲሲፍ በሚባሉ ፕሮቲኖች ተይዞ ይቆማል፣ የሚለቀቀው ፒ-ቴፍቢ የሚባለው ካይኔዝ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሴሪን 5 ፎስፎሪሌሽን ካለና በጂኑ ሰውነት ላይ ፖሊመሬዝ ከሌለ መነሳቱ ሠርቷል፣ የታገደው ቀጥሎ ያለው ደረጃ ነው። ሴሪን 5ም ፖሊመሬዝም ከሌለ ግን ችግሩን ወደ ኋላ ሄደሽ ፈልጊ፣ ሚዲየተር መጥቷል ወይ፣ አክቲቬተሩ ኢንሃንሰሩ ላይ አለ ወይ በሚል ቅደም ተከተል።